ፍርድ ቤት ጦርም ገንዘብም ሳይኖረው ፕሬዚዳንትን የሚያስቆመው በምንድን ነው? የ1952ቱ የብረት ፋብሪካዎች ክርክር

ሰናይት ዘ.

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ሥልጣን ክፍፍል ሲነሣ ሦስቱ የመንግሥት አካላት እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ ይባላል። ሕግ አውጪው በጀት ይዟል፤ አስፈጻሚው ፖሊስና ጦር ያዝዛል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ያለው የተጻፈ ውሳኔ ብቻ ነው። ይህ ሚዛን በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ የአሜሪካ ክርክር እያነበብሁ ነው። በኤፕሪል 1952 (ዘመኑን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ሳለ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን አብዛኞቹ የአገሪቱ የብረት ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ እንዲገቡ አዘዙ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ከሥልጣናቸው ውጭ ነው አለ፤ ፕሬዚዳንቱም ፋብሪካዎቹን በዚያው ቀን ለባለቤቶቻቸው መለሱ።

ያልገባኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ የሆነ ሰው በአንድ የፍርድ ወረቀት የቆመው በየትኛው መንገድ ነው? ሁለተኛ፣ በሕዝብ ያልተመረጡ ዳኞች ጦርነቱ ብረት ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም የሚለውን ለመወሰን ምን ሥልጣን አላቸው?

ኃይሉ ጠበቃ

እህት ሰናይት፣ ጥያቄዎችሽ ጥሩ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ዳኞቹ ያልወሰኑትን ነገር እንደ ወሰኑ አድርጎ ስለሚነሣ ነገሩን ከመጀመሪያው ልተርከው።

በብረት ሠራተኞች ማኅበርና በኩባንያዎቹ መካከል የነበረው የኅብረት ስምምነት በ1951 መጨረሻ ላይ አበቃ። ማኅበሩ ደመወዝ እንዲጨመር ጠየቀ፤ ኩባንያዎቹ ደግሞ መንግሥት የብረትን ዋጋ ከፍ እንድናደርግ ካልፈቀደልን አንጨምርም አሉ። ማኅበሩ በፕሬዚዳንቱ ጥያቄ አድማውን ደጋግሞ አራዘመ፤ በመጨረሻ ግን ለኤፕሪል 9 ቀን ቆረጠ። ትሩማን በዋዜማው፣ ኤፕሪል 8 ምሽት፣ ቁጥሩ 10340 የሆነውን ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ የንግድ ሚኒስትሩ ቻርልስ ሶየር ፋብሪካዎቹን ተረክበው ሥራቸው እንዲቀጥል እንዲያደርጉ የሚያዝ ነበር። ወታደር ወደ ፋብሪካ አልገባም፤ ሶየር የየኩባንያውን ፕሬዚዳንት የመንግሥት ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙ። በማግሥቱ ያው ሰው በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጦ ያንኑ ፋብሪካ ይመራ ነበር፤ ልዩነቱ መመሪያ የሚቀበለው ከሚኒስትሩ መሆኑ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ተመልከቺ። ኩባንያዎቹ የከሰሱት ትሩማንን አይደለም፤ ሶየርን ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት በ1867 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን በእግድ ለማስቆም ሞክሮ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በፕሬዚዳንቱ ላይ እንዲህ ያለ እግድ አንሰጥም አለ። የበታች ሹም ጉዳይ የተለየ ነው። ፕሬዚዳንት ሲያዝ ሥራውን የሚያከናውነው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ለድርጊቱ የሕግ መሠረት ካላገኘ የሰውን ንብረት እንደ ያዘ ማንኛውም ግለሰብ በፍርድ ቤት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ውሳኔው የሚያርፈው ሁለት ትእዛዝ በተቀበለ ሰው ላይ ነው፤ አንዱ ከአለቃው፣ ሌላው ከዳኛው። ሹሙ ለዳኛው ሲታዘዝ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ፈጻሚ ያጣል።

የክርክሩ ሂደትም መታየት አለበት። የመጀመሪያው ዳኛ በማግሥቱ የቀረበላቸውን አስቸኳይ የእግድ ጥያቄ አልተቀበሉም። ጉዳዩ ወደ ዳኛ ዴቪድ ፓይን ሲመጣ የመንግሥቱ ጠበቃ ሆልምስ ባልድሪጅ አንድ ነገር ተናገሩ፤ በእኔ እምነት የመንግሥትን ጉዳይ ከሁሉ በላይ የጎዳው እርሱ ነው። የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚገድቡት ምርጫና በምክር ቤት ከሥልጣን መነሣት ብቻ ናቸው፤ ፍርድ ቤት በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም የሚል ክርክር አቀረቡ። ጋዜጦች ይህን በሰፊው አወጡት፤ ትሩማን ራሳቸው ከዚህ አቋም ለመራቅ ተገደዱ። ፓይን ኤፕሪል 29 ቀን እግዱን ሰጡ፤ ሠራተኞቹ ወዲያው አድማ መቱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማግሥቱ በ5 ለ4 ድምፅ እግዱን ለጊዜው አቆመው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ እንደ ገባ ጉዳዩን ተቀብሎ ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እጅ እንዲቆዩ ፈቀደ፤ ነገር ግን ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሶየር የሠራተኞቹን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ እንዳይለውጡ ከለከለ። ይህ ትንሽ መስሎ የሚታይ መስመር ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ አንድ ጊዜ የተጨመረ ደመወዝ መልሶ ስለማይወሰድ መንግሥት ክርክሩ ሳያልቅ ነገሩን በተግባር ከፈጸመው ፍርዱ ባዶ ይሆን ነበር።

ጁን 2 ቀን ፍርዱ በ6 ለ3 ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኙም ዳኞች በሩዝቬልት ወይም በራሳቸው በትሩማን የተሾሙ ነበሩ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ዳኛ ሁጎ ብላክ በጻፉት የብዙኃኑ ፍርድ ላይ ጦርነቱ ብረት አያስፈልገውም የሚል ቃል የለም። የጠየቁት ሌላ ነው፦ ይህን ለማድረግ ሥልጣን የሰጠ ሕግ አለ ወይ? የለም። በሕገ መንግሥቱስ ለፕሬዚዳንቱ በቀጥታ ተሰጥቷል ወይ? አልተሰጠም። የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ስለ መውሰድ ደንብ የማውጣት ሥራ የሕግ አውጪው የኮንግረስ ነው። ፍርድ ቤቱ ፋብሪካዎቹ ይወሰዱ ወይስ አይወሰዱ የሚለውን ለራሱ አልወሰደም፤ ሊወስን ወደሚገባው አካል መለሰው።

ብሩክ ታ.

አቶ ኃይሉ፣ ትረካው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዋናውን መሠረት ዘልለውታል። ይህ ሁሉ የመጣው በ1803 በማርበሪና በማዲሰን መካከል ከተደረገው ክርክር ነው። በዚያ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማዲሰን ለዳኝነት የተሾመውን የማርበሪን የሹመት ደብዳቤ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ፍርድ ቤቱ ከሌሎቹ ሁለት አካላት በላይ መሆኑም ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ የፍርድ ቤት ክለሳ ማለት ዳኞች ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ የሚሽሩበት ሥልጣን ነው። በ1952ም የሆነው ይኸው ነው፤ ሕጉን ሻሩት።

ኃይሉ ጠበቃ

ወንድም ብሩክ፣ ማርበሪን ማንሣትህ ተገቢ ነው፤ የሆነው ግን አንተ ከጻፍኸው ይለያል። ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ማርበሪ ሹመቱን የማግኘት መብት አለው አሉ፤ ማዲሰን ደብዳቤውን መከልከላቸውም ሕገ ወጥ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ትእዛዝ አልሰጡም። ማርበሪ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጣው በ1789 የወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ 13ኛ ክፍል ይፈቅድልኛል ብሎ ነበር፤ ማርሻል ይህ ክፍል ለፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ ካስቀመጠው በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ስለሚሰጥ አይጸናም አሉ። ስለዚህ ሕግ የመሻር ሥልጣን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የተነገረው ፍርድ ቤቱ ኮንግረስ የሰጠውን ሥልጣን «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ በመለሰበት ፍርድ ነው። ማርበሪ ያን ሹመት አላገኘም። ትእዛዙ ቢሰጥ ኖሮ የፕሬዚዳንት ጄፈርሰን መንግሥት አልታዘዝም የማለቱ ዕድል ሰፊ ነበር፤ ማርሻልም ይህን ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብህም አይቆምም፤ በ1952 የተሻረ ሕግ አልነበረም፤ የተሻረው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው። ይህ ልዩነት በተግባር ትልቅ ነው። ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ሲሻር ዳኛው የሕዝብ ተወካዮችን ፈቃድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እያጋጨ ነው፤ ሕጉን ለማዳን ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ብቻ ነው። የአስፈጻሚው ድርጊት ሲሻር ግን ዳኛው ብዙውን ጊዜ ከሕግ አውጪው ጎን ቆሟል፤ ምክር ቤቱ ካልተስማማ በማግሥቱ ሕግ አውጥቶ ለአስፈጻሚው ፈቃዱን ሊሰጥ ይችላል። ኮንግረስ ከጁን 2 በኋላ ለትሩማን ያን ሥልጣን መስጠት ይችል ነበር፤ አልሰጠም። የፍርድ ቤት ክለሳን ከሌሎቹ በላይ መሆን አድርጎ የሚያስብ ሰው ይህን ሁለተኛውን ዓይነት አያየውም፤ በየአገሩ በየቀኑ የሚሠራው ግን በአብዛኛው እርሱ ነው።

አልማዝ ነጋዴ

ይቅርታ፣ ውይይቱን ካቋረጥሁ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። አንድ መሥሪያ ቤት የንግድ ፈቃዴን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሰረዘብኝ። ደብዳቤው «በተደረገው ማጣራት መሠረት» ይላል እንጂ ምን እንደ ተጣራ አይናገርም፤ ማንም ጠርቶ አልጠየቀኝም። እናንተ እንደምትሉት ከሆነ የሥልጣን ክፍፍል ተጥሷልና ጉዳዩን በቀጥታ ሕገ መንግሥት ወደሚተረጉመው አካል ልውሰደው? ሚኒስትሩንስ ልክሰስ?

ዮዲት አ.

እመቤት አልማዝ፣ ጉዳይዎ ከዚህ ውይይት ጋር ይገናኛል፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥት የሚያስተረጉም ሆኖ አልታየኝም፤ በዚያ በር ቢጀምሩ ብዙ ጊዜ የሚያጡ ይመስለኛል። የእርስዎ ጥያቄ ከሶየር ክርክር ጋር አንድ ነው፦ ደብዳቤውን የፈረመው ሹም ይህን ለማድረግ ከየትኛው ሕግ ሥልጣን አገኘ?

ደብዳቤውን እንደገና ያንብቡት። የሕግ ቁጥርና አንቀጽ ይጠቅሳል? ከጠቀሰ ያ አንቀጽ ፈቃድ የሚሰረዝባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል ወይ? የእርስዎ ምክንያት ከእነዚያ አንዱ ነው? የፈረመውስ ሕጉ ሥልጣን የሰጠው ኃላፊ ነው ወይስ ሌላ? ከውሳኔው በፊት መልስ የመስጠት ዕድል ነበረዎት? ዳኛው የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ ጥበብ ሳይሆን እነዚህን ነው የሚመረምረው። የሚከሰሰውም ውሳኔውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የቅሬታ ደረጃ ካለ እርሱን ይጨርሱ፤ ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ይህ ሳይፈጸም ወይም የጊዜ ገደቡ አልፎ ስለሚቀርብ ነው። እግድም ወዲያው ይጠይቁ፤ ሱቁ ተዘግቶ ከከረመ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ትክክል ቢሆንም እንኳ ጉዳቱን አይመልስም። በአካባቢዎ ያለ ጠበቃ ደብዳቤውን ቢያየው ይሻላል።

ናሆም ታሪክ አንባቢ

በብረቱ ክርክር ላይ ሁላችሁም አንድ ወገን ይዛችኋል፤ ስለዚህ የሌላውን ወገን ክብደት ማስታወስ እፈልጋለሁ። ሦስቱ የተለዩት ዳኞች በዋና ዳኛ ፍሬድ ቪንሰን ብዕር የጻፉት የልዩነት ሐሳብ ቀላል አይደለም። ኮንግረስ ለጦርነቱ ገንዘብ መድቧል፤ ለወዳጅ አገሮች የጦር መሣሪያ እንዲላክ ሕግ አውጥቷል፤ መሣሪያው ያለ ብረት አይሠራም። ፕሬዚዳንቱ ሕጎችን የማስፈጸም ግዴታ አለባቸው። ትሩማን ደግሞ ነገሩን አልደበቁም፤ በማግሥቱ ለኮንግረስ ሪፖርት አቀረቡ፤ ኤፕሪል 21 ቀን እንደገና ጻፉ፤ የተለየ እርምጃ ብትወስኑ እቀበላለሁ አሉ። ኮንግረስ ዝም አለ። ታዲያ ዝም ባለው ኮንግረስ ስም ፕሬዚዳንቱን ማስቆም ምን ማለት ነው? ፋብሪካዎቹ እንደ ተመለሱ ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፤ አድማውም 53 ቀን ያህል ቆየ። ያ ሁሉ ብረት ሳይመረት የቀረው ጦርነት ላይ እያሉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አቶ ኃይሉ የበታች ሹም ለዳኛው ሲታዘዝ ነገሩ ያበቃል ብለዋል። ባይታዘዝስ? በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ጆን ሜሪማን የተባለ የሜሪላንድ ሰው በጦሩ ተይዞ ታሰረ። ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ ሰውየው ፊታቸው እንዲቀርብ አዘዙ፤ የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ግን ፕሬዚዳንት ሊንከን የአካል ነጻነት አቤቱታን እንዳግድ ሥልጣን ሰጥተውኛል ብለው አላቀረቡትም። ቶኒ አስገድዶ የሚያስፈጽም ኃይል እንደሌላቸው በፍርዱ ላይ አምነው ጽሑፉን ለሊንከን ከመላክ በቀር ያደረጉት አልነበረም። ሜሪማን በዚያ ፍርድ አልተፈታም። ስለዚህ በ1952 ያስቆመው ፍርዱ ሳይሆን ትሩማን ለመታዘዝ መምረጣቸው ነው እላለሁ።

ኃይሉ ጠበቃ

ናሆም፣ የሜሪማንን ጉዳይ በትክክል አቅርበኸዋል፤ አልክደውም። ነገር ግን «መምረጣቸው» በሚለው ቃል ላይ ልቆይ። ትሩማን አልታዘዝም ቢሉ ምን ይከተል እንደ ነበር በዝርዝር አስበው። ሶየር በፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣስ ይጠየቃሉ። ከመንግሥት መመሪያ የሚቀበሉት ሥራ አስኪያጆች የኩባንያዎቹ ሰዎች ናቸውና መመሪያውን አይፈጽሙም። ባንክና ደንበኛ ባለቤትነቱ ከተከራከረ ድርጅት ጋር አይዋዋልም። ኮንግረስ በጀቱን ይዟል። በ1861 ግን ዳኛው ትእዛዝ የላኩት በጦር ሠፈር ውስጥ ወዳለ መኮንን ነበር፤ በዚያ መካከል ሌላ ሰው አልነበረም። የፍርዱ ኃይል የሚለካው ትእዛዙ እንዲፈጸም ስንት እጅ ያስፈልጋል በሚለው ነው። ብዙ ሰው ተባብሮ ሊፈጽመው የሚገባ ትእዛዝ በፍርድ ይቆማል፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻውን የሚፈጽመውን ማስቆም ግን እጅግ ከባድ ነው።

አድማውን በተመለከተ፣ ትሩማን ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1947 የወጣው የታፍት–ሃርትሊ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ከፍርድ ቤት በሚያገኙት እግድ አድማ ለ80 ቀን እንዲዘገይ ይፈቅዳል። ትሩማን ያን ሕግ ሲወጣ ተቃውመው ሳያጸድቁት መልሰውት ነበር፤ ኮንግረስ ግን ተቃውሟቸውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽሮ አጸደቀው። በ1952 አልተጠቀሙበትም፤ ማኅበሩ በራሱ ፈቃድ ከ80 ቀን በላይ ስለ ጠበቀ እንደገና ማስገደድ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ምክንያት ነበራቸው። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ግን የተሰጠህን መሣሪያ ስላልወደድኸው ያልተሰጠህን ማንሣት ሌላ ነገር ነው።

ዮዲት አ.

የናሆም ጥያቄ፣ ማለትም የኮንግረስ ዝምታ ምን ማለት ነው የሚለው፣ የፍርዱ እውነተኛ እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። ዳኛ ብላክ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፦ ሕግ ማውጣት የኮንግረስ፣ ማስፈጸም የፕሬዚዳንት። ከእርሳቸው ጋር ድምፅ ከሰጡት አምስት ዳኞች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምክንያት ጻፉ፤ ስለዚህ ስድስቱ በውጤቱ ቢስማሙም በመንገዱ አልተስማሙም። ከእነዚህ መካከል ዛሬ ፍርድ ቤቶች የሚከተሉት የብላክን ሳይሆን የዳኛ ሮበርት ጃክሰንን ነው። ጃክሰን ራሳቸው የሩዝቬልት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ የፕሬዚዳንት ሥልጣን ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር።

እርሳቸው የፕሬዚዳንት ሥልጣን ቋሚ መጠን የለውም፤ ከኮንግረስ ፈቃድ ጋር ባለው ግንኙነት ይሰፋል፣ ይጠብባል አሉ። ኮንግረስ ከፈቀደለት ሥልጣኑ ከፍተኛ ነው፤ ያን ድርጊት መሻር የመንግሥቱን ሥልጣን በሙሉ እንደ መሻር ይቆጠራል። ኮንግረስ የተቃወመውን ካደረገ ደግሞ ሥልጣኑ ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ ዳኛውም አጥብቆ ይመረምረዋል። ኮንግረስ ምንም ካላለ ግን ነገሩ በከፊል ጨለማ ውስጥ ነው፤ መልሱ ከሕግ ቃል ይልቅ ከሁኔታዎች ይመጣል።

አሁን የብረቱ ጉዳይ ከሦስቱ በየትኛው ይወድቃል? በ1952 የነበረውን ዝምታ ብቻ የሚያይ በመካከለኛው ያስቀምጠዋል፤ ናሆም ያደረገው ይህን ነው። ጃክሰን ግን በሦስተኛው አስቀመጡት፤ ምክንያቱም ኮንግረስ ቀደም ሲል ተናግሯል። በ1947 የታፍት–ሃርትሊ ሕግ ሲመከር መንግሥት በአደጋ ጊዜ ፋብሪካዎችን እንዲይዝ የሚፈቅድ የማሻሻያ ሐሳብ ቀርቦ ወድቋል። የፋብሪካ መያዝን የሚመለከቱ ሌሎች ሕጎችም ነበሩ፤ መንግሥት የእነርሱን ሥርዓት እንዳልተከተለ በክርክሩ አምኗል። ስለዚህ ዳኞቹ የ1952ን ዝምታ ያነበቡት ከ1947ቱ እምቢታ ጋር ነው። አንድ ዳኛ የሥልጣን ገደብን ሲመረምር በእጁ የሚይዘው ይህን ነው፦ የሕጉን ቃል ብቻ ሳይሆን ምክር ቤቱ ምን ቀርቦለት ምን እንዳልተቀበለ።

ሰናይት ዘ.

ዮዲት፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የበለጠ ግልጽ ሆነልኝ። ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። ውድቅ የሆነ ማሻሻያ እንደ ክልከላ ከተቆጠረ ምክር ቤቱ ድምፅ ያልሰጠበት ነገር ሁሉ ሕግ ሊመስል አይችልም ወይ? አንድ ተወካይ ሐሳቡን የተቃወመው መጥፎ ነው ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ይህ ሥልጣን ቀድሞም ስላላቸው መጻፍ አያስፈልግም ብሎ ሊሆን ይችላል። ዳኛው በየትኛው ልብ ነው የሚያነበው?

ናሆም ታሪክ አንባቢ

ሰናይት ትክክለኛውን ቦታ ነካች። ማስረጃውም በ1981 ዴምስና ሙር የተባለ ድርጅት የገንዘብ ሚኒስትሩን ዶናልድ ሪጋንን በከሰሰበት ጉዳይ ላይ ነው። ቴህራን ውስጥ ታግተው የነበሩት አሜሪካውያን እንዲለቀቁ በተደረገው ስምምነት መሠረት ፕሬዚዳንቱ አሜሪካውያን በኢራን ላይ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ያቀረቧቸውን ክሶች አቁመው ወደ ዓለም አቀፍ የዳኝነት ጉባኤ እንዲሄዱ አደረጉ። ክሶቹን ለማቆም በቀጥታ የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን ኮንግረስ ተመሳሳይ ስምምነቶችን ለረጅም ዘመን እያየ አልተቃወመም፤ ስለዚህ ተስማምቷል አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት ናቸው፤ በ1952 የጃክሰን ረዳት ሆነው ይሠሩ ነበር። በ1952 ዝምታው ክልከላ ሆነ፤ በ1981 ፈቃድ ሆነ። ዳኞች ዝምታን እንደ ፈለጉ ያነቡታል ለማለት ይህ በቂ አይደለም ወይ?

ኃይሉ ጠበቃ

በቂ አይደለም፤ ግን ባዶም አይደለም። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። በ1981 ፕሬዚዳንቶች ከውጭ መንግሥታት ጋር የዜጎቻቸውን የገንዘብ ጥያቄ ሲፈቱ ከመቶ ዓመት የበለጠ ልማድ ነበር፤ ኮንግረስም እነዚያን ስምምነቶች ለማስፈጸም ሕግ አውጥቷል። ኩባንያዎቹም መብታቸውን ጨርሶ አላጡም፤ ሌላ የዳኝነት በር ተከፍቶላቸዋል። በ1952 ግን በአገር ውስጥ፣ በዜጎች ንብረት ላይ፣ ሕግ አውጪው በግልጽ የራሱን መንገድ ባስቀመጠበት ነገር ነው። ሬንኲስትም የጃክሰን ሦስት ክፍሎች እንደ ሳጥን የተለያዩ ሳይሆኑ አንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር መስመር ናቸው ብለዋል። ይህ እውነት ነው፤ መስመር ሲሆን ግን ድርጊቱን የት እንደሚያስቀምጡት በዳኛው ፍርድ ላይ ይወድቃል፤ በዚህ ላይ ከናሆም ጋር አልከራከርም።

ብሩክ ታ.

ስለ ማርበሪ ያረማችሁኝን ተቀብያለሁ። አሁን የምጠይቀው ይህ ነው፤ ዳኞች ይህን ያህል የማንበብ ነጻነት ካላቸው፣ ሕገ መንግሥት የመተርጎምን ሥራ ለተመረጠ አካል መስጠት አይሻልም ወይ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያደረገው ይህን ነው። በአንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር ሲነሣ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሚያጣራውና የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርበው ደግሞ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ሰብሳቢውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው።

ዮዲት አ.

ብሩክ፣ ሐሳቡ ይገባኛል፤ የተመረጠ አካል ለሕዝቡ መልስ ይሰጣል። ነገር ግን የብረቱን ክርክር በዚያ ሥርዓት ውስጥ አስቀምጠህ ሞክረው። ኩባንያዎቹ በኤፕሪል 9 ማለዳ የሚያስፈልጋቸው ሳምንታት ሳያልፉ የሚሰማቸውና ድርጊቱን ለጊዜው የሚያቆም ሰው ነው። ምክር ቤት የሚሰበሰበው በጊዜው ነው፤ የሚወስነውም ለአንድ ተከራካሪ ብሎ ሳይሆን በብዙ ጉዳዮች መካከል ነው። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ክርክሩ አስፈጻሚውን የሚመለከት ሲሆን፣ የአስፈጻሚው ፓርቲ በምክር ቤቱ ውስጥ ብዙኃን ከሆነ ዳኛው ማን ይሆናል የሚለው ነው። በሌላ በኩል ለእመቤት አልማዝ እንደ ነገርኋቸው፣ ሕገ መንግሥትን የማይነካው ክለሳ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ለአብነት በኢትዮጵያ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር መመሪያዎችና ውሳኔዎች በፍርድ ቤት እንዲከለሱ ይፈቅዳል። ስለዚህ ትልቁን ጥያቄ ለማን እንስጠው ብለን ስንከራከር፣ የዕለት ተዕለቱ ቁጥጥር የሚሠራበት በር ሌላ መሆኑን አንርሳ።

ናሆም ታሪክ አንባቢ

በዕለት ተዕለቱ ክለሳ ከዮዲት ጋር እስማማለሁ። በዝምታው ጉዳይ ግን አልተረታሁም። አቶ ኃይሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ልማድ ነበር ብለዋል፤ ልማድ የሚጀምረው ግን አንድ ፕሬዚዳንት ያለ ፈቃድ የመጀመሪያውን ሲያደርግ ነው። ትሩማን በ1952 ባይቆሙ ኖሮ የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት የ1952ን ልማድ ይጠቅስ ነበር።

ኃይሉ ጠበቃ

ናሆም፣ ይህ ክርክር ለእኔ ወገን የሚያገለግል ይመስለኛል። ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር በዚያው ጉዳይ በጻፉት ሐሳብ የቆየ፣ ያልተቋረጠ፣ ኮንግረስ እያወቀ ያልተቃወመው ልማድ ብቻ የሥልጣን ምንጭ ሊሆን ይችላል አሉ፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን የፋብሪካ መያዝ ድርጊቶች መርምረውም ተመሳሳይ የሆኑት ጥቂትና በአጭር ጊዜ የተወሰኑ ስለ ሆኑ አይበቁም አሉ። ማለትም የመጀመሪያው ድርጊት ገና ልማድ ሳይሆን እንዲመረመር ያደረገው ኩባንያዎቹ በዚያው ሌሊት ወደ ፍርድ ቤት መሮጣቸው ነው። ከሳሽ ባይመጣ ኖሮ ዘጠኙ ዳኞች አንድ ቃል ለመናገር ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ልማዱም ያለ ክርክር ይቀጥል ነበር። ስንት ዓመት ሲያልፍ ዝምታ ስምምነት ይሆናል ብለህ ብትጠይቀኝ ግን ቁጥር የሰጠ ፍርድ አላየሁም።